መደበኛ ዝናብ ስንት ነው? የአየር ንብረት ሙዳየ ቃላት አዘገጃጀት

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ገና ኤጀንሲ ይባል በነበረበት ጊዜ፣ በእንግሊዝኛ የሚያወጣቸው የግብርና ሚቲዎሮሎጂ ዘገባዎች መጨረሻ ላይ አጭር የቃላት ማብራሪያ ይቀመጥ ነበር። በጋ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደሆነ፣ ከባድ ዝናብ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ መደበኛ የሚባለው ከምን ተነጻጽሮ እንደሆነ የሚፈታው ያ ዝርዝር ነው። እንዲህ ያለው ዝርዝር ሙዳየ ቃላት ይባላል። ከመዝገበ ቃላት የሚለየው ቃሉን ባሉት ፍቺዎች ሁሉ ስለማይተነትን ነው፤ የሚነግረን ቃሉ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ምን እንደሚል ብቻ ነው።

ጉንደ ወይን ላይ ያለ የግብርና ባለሙያ ወይም መምህር አንድ የአየር ንብረት ጽሑፍ ይዞ ለገበሬው ወይም ለተማሪው ሙዳየ ቃላት ላዘጋጅ ቢል ከየት ይጀምራል? አሠራሩን ለማየት በዘገባዎቹ አጻጻፍ ልክ ለማሳያ የተሰናዳ አንድ ዓረፍተ ነገር እንውሰድ፦ «በሐምሌ ወር በምሥራቅ ጎጃም ደጋማ ቦታዎች መደበኛ ዝናብ ተመዝግቧል፤ በሦስተኛው አሥር ቀን ግን በአንዳንድ ቦታዎች ከባድ ዝናብ ጥሏል።»

የመጀመሪያው ሥራ ቃል መምረጥ ነው። ብዙ አዘጋጅ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ እንደ ኤልኒኖ ያለውን የባዕድ ቃል ብቻ ያድናል። ኤልኒኖን ያላወቀ አንባቢ ግን አለማወቁን ስለሚያውቅ ይጠይቃል። አሳሳቹ የሚያውቀው የሚመስለው ቃል ነው። በማሳያችን ውስጥ አንድም እንግዳ ቃል የለም፤ ሆኖም «መደበኛ»፣ «ሦስተኛው አሥር ቀን» እና «ከባድ ዝናብ» ባለሙያው በልክ የሚጠቀምባቸው ናቸው። «ደጋማ» መግባት አያስፈልገውም፤ የጉንደ ወይን ሰው ከአዘጋጁ የተሻለ ያውቀዋል። መለያው እንግዲህ ሁለት ጥያቄ ነው፦ የጽሑፉ ፍሬ ነገር በቃሉ ላይ ያርፋል ወይ? አንባቢው ከጸሐፊው የተለየ ነገር ሊረዳበት ይችላል ወይ? ለሁለቱም መልሱ አዎ ከሆነ ቃሉ ይገባል።

ቀጥሎ ፍቺው ይጻፋል። ጥሩ ፍቺ ነገሩ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይናገርና ከወገኖቹ የሚለይበትን ምልክት ያስከትላል። «ከባድ ዝናብ» በዘገባው ማብራሪያ መሠረት ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ዝናብ ነው። ልኩ ተቀመጠ፤ ግን ሚሊ ሜትር ራሱ ለአንባቢው እንግዳ ከሆነ ፍቺው አልፈታለትም። ስለዚህ እዚያው ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ መሆኑ ይጨመራል። እንግዲህ 30 ሚሊ ሜትር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ ተኩል ውኃ መፍሰስ ነው።

«ሦስተኛው አሥር ቀን» ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለበት። ዘገባው ወሩን በሦስት ሲከፍል የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሥር አሥር ቀን ያደርግና የቀረውን ሁሉ ሦስተኛው ይለዋል፤ የሚቆጥረውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በዚያ አቆጣጠር የሐምሌ ወር ሦስተኛ አሥር ቀን 11 ቀን አለው፤ በእኛ ሲመለስ ከሐምሌ 14 እስከ 24 ነው። ይህ ካልተጻፈ አንባቢው የሐምሌን መጨረሻ ይጠብቃል።

ከሁሉ የሚከብደው «መደበኛ ዝናብ» ነው። «መደበኛ ማለት የተለመደ ማለት ነው» ብሎ መጻፍ ቃሉን በራሱ መፍታት ነው። «በቂ ዝናብ» ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ ስሕተት ስለሆነ። በዘገባው ማብራሪያ መደበኛ የሚባለው ዝናብ ከረጅም ዓመታት አማካዩ ከ75 እስከ 125 በመቶ የደረሰው ነው። ምሳሌው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ የአንድ ቦታ የሐምሌ ዝናብ በብዙ ዓመት አማካይ 300 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ዘንድሮ ከ225 እስከ 375 ሚሊ ሜትር ከዘነበ መደበኛ ይባላል። ከ225 ካነሰ ከመደበኛ በታች፣ ከ375 ከበለጠ ከመደበኛ በላይ ነው።

ፍቺው ግን በዚህ አያበቃም፤ ቃሉ የማይለውንም መናገር አለበት። የወሩ ድምር 300 ሚሊ ሜትር ሆኖ ዝናቡ በጥቂት ቀን ተከምሮ ሊወርድ፣ ቀሪው ጊዜ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ጤፉ ውኃ ተኝቶበት ወይም ቡቃያው ደርቆ እያለ ዘገባው «መደበኛ» ቢል አልዋሸም፤ የለካው ድምሩን ነው። ስለዚህ «መደበኛ ስለ መጠን እንጂ ስለ ሥርጭት አይናገርም» የሚል አንድ መስመር ይታከላል።

ይኸው ቃል የወቅት ትንበያ ውስጥ ሲገባ ልኩ ይለወጣል። በዚያ የተለመደው አሠራር የ30 ዓመት ዝናብ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረደርና በሦስት ይከፈላል፤ ብዙ የዘነበባቸው 10 ዓመታት ከመደበኛ በላይ፣ መካከለኞቹ 10 መደበኛ፣ የቀሩት 10 ከመደበኛ በታች ይሆናሉ። «ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ ነው» ሲባል ዝናቡ በ45 በመቶ ይቀንሳል ማለት አይደለም። ያለ ምንም መረጃ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚሰጠው ዕድል 33 በመቶ ገደማ ነው፤ አሁን ወደ ደረቁ ወገን አዘንብሏል፣ ሆኖም መደበኛ ወይም ከዚያ በላይ የመሆን 55 በመቶ ዕድል ቀርቷል። ስለዚህ ቃሉ በአንድ ርእስ ሥር «1» እና «2» ተብሎ ሁለት ፍቺ ይይዛል፤ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማደባለቅ ሙዳየ ቃላቱን ያበላሸዋል።

«ክረምት» ውስጥም እንዲሁ ሁለት ቆጠራ ተደብቋል። በቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ለሚቲዎሮሎጂ ባለሙያው ግን በአውሮፓውያኑ ሰኔ መባቻ ጀምሮ መስከረም ሲያልቅ ያበቃል፤ በእኛ ከግንቦት 24 እስከ መስከረም 20 መሆኑ ነው። «ክረምቱ በጊዜው ገባ» የሚለውን ዜና ሁለት ሰዎች ከወር በላይ አራርቀው ሊረዱት ይችላሉ። እንደ ጎጃም ባለ የአብነት ትምህርት ሥር በሰደደበት አገር ይህን ልዩነት ሳይጽፉ ማለፍ አይቻልም።

ዝርዝሩ ሲያልቅ ፈተናው ቀላል ነው። ቃሉን ከዋናው ዓረፍተ ነገር አውጥቶ ፍቺውን በቦታው መተካት፤ ሐሳቡ ካልጸና ፍቺው ጎድሏል። ሁለተኛው ፈተና ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ሙዳየ ቃላቱን ብቻ ሰጥቶ መጠየቅ ነው፦ «አማካዩ 300 ነው፣ የዘነበው 230 ነው፤ ምን ይባላል?» መደበኛ ካለ ገብቶታል። «ሰባ ሚሊ ሜትር ስለጎደለ ከመደበኛ በታች» ካለ ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም፤ ፍቺው እንደገና ይጻፍ።

የሚመጣው የክረምት መግለጫ እጅዎ ሲገባም ከሁሉ በፊት «መደበኛ» የሚለው ቃል ላይ ያስምሩና ከስንት ዓመት አማካይ፣ በየትኛው ልክ እንደሆነ ይጠይቁ። መልሱ መግለጫው ላይ ካልተጻፈ፣ የሙዳየ ቃላትዎ የመጀመሪያ ቃል እሱ ይሁን።