አቤት የሚባለው ለማን ነው?

በአንድ ድርጅት ውስጥ ያየሁት የአስተያየት መስጫ ሣጥን የተሰቀለው ከገንዘብ ያዡ መስኮት አጠገብ፣ ልክ ከካሜራው ሥር ነበር። ቁልፉ አስተዳዳሪው ጋ ነው። ምን እንደተገኘበት ብጠይቃቸው ከፍተው አሳዩኝ፤ ሁለት የከረሜላ ልጣጭ። «እኛ ጋ ቅሬታ የለም» አሉኝ ደስ ብሏቸው።

ሃያ ሰው በማይሞላበት ቤት ስም ሳይጽፉ ማመልከት ለይስሙላ ነው። የእጅ ጽሑፉ ይታወቃል። በኮምፒውተር ቢተየብም ነገሩ ራሱ ጸሐፊውን ያሳብቃል፤ ሌሊት የሚሠሩት አራት ሰዎች ከሆኑ፣ «የሌሊት ትርፍ ሰዓቴ ጎደለ» የሚለውን ወረቀት አምስተኛ ሰው አይጽፈውም። ስለዚህ ለትንሽ ድርጅት የቅሬታ ሥርዓት የሚያወጣ ሰው፣ ተናጋሪው መታወቁ እንደማይቀር አምኖ ቢነሣ ይሻለዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ በታወቀው ሰው ላይ ምንም እንዳይደርስበት ማድረግ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 19 ሠራተኞች ያሉት ዳቦ ቤት ነው እንበል። የሌሊት ፈረቃ ኃላፊው የባለቤቱ ሚስት ወንድም ነው። አንዲት ጋጋሪ የሰዓቷን ነገር በትንሽ ደብተር ትመዘግባለች፤ የወሩን ክፍያ ስታመሳክር 8 ሰዓት ጎደለባት። ለማን ትናገር? ለኃላፊው ብትነግረው የመዘገበው እሱ ነው። ለባለቤቱ ብትነግር ነገሩ ማታ እራት ላይ ተነሥቶ ጠዋት ኃላፊው ጆሮ ይደርሳል። ይሉኝታም አለ፤ «ለዚች ብር ብላ ሰው አጣላች» መባልን ማን ይወዳል?

እንግዲህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሁለት ተቀባይ ነው፤ ቢቻል አንድ ሴትና አንድ ወንድ። ሁለቱም የባለቤቱ ዘመድ ያልሆኑ፣ ፈረቃ የማይመድቡ ሰዎች መሆን አለባቸው። በዚህ ዳቦ ቤት አንዷ የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ሌላው ሠራተኞቹ በምስጢር ድምፅ የመረጡት የማከፋፈያ ሹፌር ሊሆኑ ይችላሉ። ስማቸውና ስልካቸው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ይለጠፋል። ቅሬታው በራሱ በባለቤቱ ላይ ከሆነ ደግሞ ከውጭ ያለ ሰው፣ ለምሳሌ የድርጅቱ ጠበቃ ወይም የውጭ ኦዲተር፣ እንዲቀበል አስቀድሞ በጽሑፍ ይስማማል። እውነቱን ለመናገር ይህ ሰውም የሚከፈለው ከባለቤቱ ኪስ ነው። ለዚህ ነው የተለጠፈው ወረቀት የክፍለ ከተማውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤትና የፍርድ ቤቱን መንገድም መጥቀስ ያለበት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ሥራውን ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆንም በአንድ አረፍተ ነገር ይጻፍ።

ጋጋሪዋ ለሒሳብ ሠራተኛዋ በቃል ነገረቻት። በቃል መናገር ይበቃል፤ «ማመልከቻ ጽፈሽ አምጪ» የሚባልበት ቤት ብዙ ሰው በሩ ላይ ይመለሳል። ተቀባይዋ ራሷ ትጽፋለች፣ ጮክ ብላ ታነብላታለች፣ ሁለቱም ቀን ጽፈው ይፈርማሉ፣ አንዱ ቅጂ ለጋጋሪዋ ይሰጣል። ከመለያየታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ትጠይቃታለች፦ «ምን እንዲሆንልሽ ነው የምትፈልጊው?» መልሱ ብዙ ጊዜ ከሚጠበቀው ያነሰ ነው። ጋጋሪዋ ማንም እንዲቀጣላት አልፈለገችም፤ ብሯ እንዲሰጣትና ሰዓቷ በትክክል እንዲያዝ ብቻ ነው።

በዚያው ቀን ተቀባይዋ ማንንም ሳታነጋግር የፈረቃ ዝርዝሩን ፎቶ አንሥታ አስቀመጠች። የዚህ ጥቅም ኋላ ይታያል።

ማጣራቱ ከሰው ሳይሆን ከሰነድ ይጀምራል። ትንሽ ቤት ውስጥ አንድ ምስክር ከተጠራ ሻይ ሳይፈላ ሁሉም ይሰማል። ተቀባይዋ የጋጋሪዋን ሰዓት ብቻ አልጠየቀችም፤ የአራቱንም የሌሊት ሠራተኞች የሁለት ወር መዝገብ አወጣች። እንዲህ ሲሆን የሒሳብ ማመሳከር ይመስላል፣ ጣት የሚቀሰርበት ሰው አይኖርም፤ ችግሩ የአንድ ሰው ይሁን የአሠራር ይሁን እሱም ይለያል። የተገኘው የአሠራር ጉድለት ነበር። ፈረቃው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ኃላፊው መውጫ ሰዓት አድርጎ የሚመዘግበው ፉርኖው የሚጠፋበትን ነው። ሊጥ ማቡኪያውን ማጠቡና ወለሉን መጥረጉ ግን ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ለ16 ሌሊት 8 ሰዓት ማለት ነው። ደመወዟ 5,200 ብር ነው፤ ለ26 ቀንና ለ8 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 25 ብር ይመጣል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በሕጉ በ1.75 ስለሚባዛ፣ ለወሩ የጎደላት 350 ብር ነው። ሌሎቹ ሦስትም በየራሳቸው ጎድሎባቸዋል። ኃላፊው ሲጠየቅ «ጽዳት ሥራ ነው እንዴ?» አለ። አልሰረቀም፤ ያደገበት ቤት እንዲህ ነበር።

ይህ አሠራር ለሁሉም ነገር አይሠራም። ቅሬታው የጾታ ትንኮሳ ከሆነ ማመሳከሪያ መዝገብ የለም፤ የተከሰሰውም ሰው በምን እንደተከሰሰ ካልተነገረው መልስ መስጠት አይችልም። ስለዚህ ተበዳይዋ ስሟ እንደሚገለጥ አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል። «በምስጢር ይያዛል» ብሎ ቃል ገብቶ ማጠፍ ከዝምታ የከፋ ነው። ሁለቱን ለማለያየት ካስፈለገም ፈረቃ የሚቀይረው የተከሰሰው ይሁን። ሽማግሌ ጠርቶ «ተሳሳሙና ይቅር ተባባሉ» ማለትም እዚህ ቦታ የለውም፤ ሽምግልና ለተኳረፉ ባልደረቦች ነው።

የቀን ገደቡ ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ነው። በሁለት የሥራ ቀን ቅሬታው መድረሱ ይረጋገጥ፣ በአሥር የሥራ ቀን ውሳኔው በጽሑፍ ይሰጥ። ይህን ያህል የሚያጣድፈው ሕጉ ነው። አሠሪ ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚያበቃ ጥፋት መኖሩን ካወቀ በኋላ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀመበት መብቱ ይቀራል። ትንኮሳ የደረሰባት ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ውሏን ለማቋረጥ ያላት ጊዜ 15 የሥራ ቀን ነው። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት መጠየቂያው በ6 ወር፣ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በ3 ወር በይርጋ ይታገዳሉ። በድርጅቱ ውስጥ ቅሬታ ማስገባት ብቻውን ይርጋውን አያቋርጥም። «እያየነው ነው» እየተባለ አምስት ወር የተንከባለለ ሠራተኛ መብቱ በእጁ እያለ ሊያልቅበት ይችላል።

ባለቤቱ ለአራቱም የጎደለውን ከፈሉ፤ የመውጫ ሰዓቱም ከጽዳት በኋላ እንዲመዘገብ አዘዙ። ብዙ ድርጅት ፋይሉን የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው፤ በቀል የሚጀምረውም እዚሁ ነው። የሚመጣው በስድብ ወይም በማባረር አይደለም። የእረፍት ቀን ይቀየራል፣ ትርፍ ሰዓት ለሌላ ይሰጣል፣ ሦስት ዓመት ማስጠንቀቂያ ያልተጻፈበት ሰው በድንገት «ዘገየህ» የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። ስለዚህ ተቀባይዋ በአንድ ወርና በሦስት ወር ያንን ፎቶ ከአዲሱ የፈረቃ ዝርዝር ጋር ታስተያያለች።

በመጀመሪያው ወር ማመሳከሪያ ጋጋሪዋ ከአራቱ ተነጥላ ቀን ተዛውራ ተገኘች። የሌሊት ትርፍ ሰዓቷም አብሮ ቀረ። ኃላፊው «ለጤናዋ አስቤ ነው» አለ። ተቀባይዋ ጋጋሪዋን ጠየቀቻት፤ ቀን መሥራት አልጠየቀችም። ባለቤቱ ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን አድርገው አዩና የፈረቃ ድልድሉን ከሚስታቸው ወንድም ወስደው ለሌላ ሰው ሰጡ። ጋጋሪዋ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሌሊቱ ተመለሰች፤ ደብተሯን ግን መጻፍ አላቆመችም።