ገላን የሚያቀዘቅዝ ሙቅ ውሃ

ማታ በሙቅ ውሃ ገላን መታጠብ እንቅልፍ የሚያመጣው ሰውነትን ስለሚያሞቅ ሳይሆን ስለሚያቀዘቅዝ ነው። ብዙ ሰው ነገሩን የሚያውቀው በተገላቢጦሹ ነው። ሙቀቱ ራሱ የሚያስተኛ ይመስለውና ከውሃው ወጥቶ ወዲያው ብርድ ልብስ ይደርባል፤ ከዚያ እየተገላበጠ ያመሻል።

የሰውነት የውስጥ ሙቀት ሲመሽ ከፍ ይላል። በመኝታ ሰዓት መውረድ ይጀምርና ሌሊቱን ወደ አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ቀንሶ ሊነጋ ሲል ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። እንቅልፍ በቀላሉ የሚመጣው ይህ ቁልቁለት ሲጀምር ነው። ሙቀቱ ግን የሚወጣበት በር ያስፈልገዋል፤ ዋናው በር ደግሞ እጅና እግር ነው። በመዳፍና በውስጥ እግር ቆዳ ሥር ደምን ከደም ቅዳ በቀጥታ ወደ ደም መልስ የሚያሻግሩ ልዩ መተላለፊያዎች አሉ። ሲከፈቱ ከመሃል አካል የመጣ ትኩስ ደም ወደ ቆዳ ይጎርፋል፣ ሙቀቱን ለአየሩ ይሰጣል፣ ቀዝቅዞም ይመለሳል። ሲዘጉ ሙቀቱ ውስጥ ይቀራል፤ በአልጋ ላይ እግሩ እንደ በረዶ የሆነ ሰው የሚቸገረው ለዚህ ነው። ኩርት ክሮይኪና ባልደረቦቹ በስዊዘርላንድ ባዝል ባደረጉትና በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ሰው ቶሎ ይተኛ እንደሆነ ከለኳቸው ነገሮች ሁሉ በተሻለ የጠቆመው የእጅና የእግር የደም ሥሮች መከፈት ነበር።

ሙቅ ውሃ የሚያደርገው ይህንኑ በር መክፈት ነው። ቆዳ ሲሞቅ ሙቀትን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል የደም ሥሮቹ እንዲሰፉ ያዛል። ሰውየው ውሃው ውስጥ እስካለ ድረስ የውስጥ ሙቀቱ እንዲያውም በጥቂቱ ይጨምራል። ከወጣ በኋላ ግን ሥሮቹ ወዲያው አይዘጉም፤ ቆዳው ላይ የቀረው ውሃም እየተነነ ሙቀት ይወስዳል። ስለዚህ የውስጥ ሙቀቱ ሳይታጠብ ቢቀር ከሚወርደው በፈጠነ ሁኔታ ይወርዳል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል፤ ችግሩም የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቀደም ያሉ ጥናቶችን ሰብስበው በ2019 እ.ኤ.አ. ሲመረምሩ፣ ከ40 እስከ 42.5 ዲግሪ በሆነ ውሃ ከመኝታ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በፊት መታጠብ፣ ለ10 ደቂቃ ያህል እንኳ ቢሆን፣ እንቅልፍ የሚወስድበትን ጊዜ እንደሚያሳጥር አገኙ። ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚተኛ ሰው እንግዲህ በ2 ሰዓት ተኩል ግድም ቢታጠብ ይስማማዋል። ከታጠበ በኋላ ገላውን አድርቆ ስስ ልብስ ይለብሳል፤ መኝታ ክፍሉ በመጠኑ ቀዝቀዝ ቢል ይመረጣል። አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ከተማ ክፍሉ በራሱ ቀዝቃዛ ነው፤ እዚያ የሚያስፈልገው እግር እንዳይቀዘቅዝ ካልሲ ማድረግ ነው። እግር ሲቀዘቅዝ የተከፈተው በር መልሶ ይዘጋልና።

የውሃው ሙቀት በጨመረ ቁጥር ይሻላል ብሎ ሻወሩን እስከ መጨረሻው የሚያዞር ሰው ግን የራሱን እንቅልፍ ያባርራል። ቆዳው ቀልቶ፣ ልቡ እየደለቀ፣ ከታጠበ በኋላ ግንባሩ ማላቡን ካላቆመ ሙቀቱ ከልኩ አልፏል ማለት ነው። እንዲህ የሞቀ ሰው ሰውነቱ ቁልቁለቱን እስኪጀምር ረዘም ያለ ጊዜ መጠበቅ አለበት። መለኪያ በሌለበት ቤት፣ እናቶች ሕፃን ሲያጥቡ እንደሚያደርጉት ክርንን ነክሮ መሞከር ይቻላል፤ ለአዋቂ የሚሆነው ውሃ ለሕፃን ከሚሆነው ትንሽ የሚሞቅ፣ ግን የማያቃጥል ነው።

ሻወር ወይም ገንዳ በሌለበትም ነገሩ አይቀርም። ከመንገድ የመጣን እንግዳ ወይም ሽማግሌን እግር ማታ በሙቅ ውሃ ማጠብ የቆየ ልማድ ነው፤ የሚደረገው ለአክብሮትና ድካምን ለማቅለል ቢሆንም በሩን በትክክል የሚያንኳኳ ነው። ሳፋ ውስጥ ቁርጭምጭሚትን አልፎ የሚደርስ ሙቅ ውሃ የውስጥ ሙቀትን ብዙም ሳይጨምር የእግርን ሥሮች ይከፍታል። ስለዚህ እንደ ሙሉ ገላ ረጅም ጊዜ መጠበቅ አያሻውም፤ ወደ መኝታ ሰዓት ቀረብ አድርጎ መታጠብ ይቻላል።

የስኳር ሕመም የእግሩን ስሜት ያደነዘዘበት ሰው ግን ውሃውን በእግሩ መለካት የለበትም፤ ሳይሰማው ሊቃጠል ይችላልና ሌላ ሰው ይለካለት። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ወይም መጠጥ የቀመሰ ሰውም ከሙቅ ገንዳ ድንገት ብድግ ሲል ሊያዞረው ይችላል፤ ሥሮቹ ሰፍተው ግፊቱ ዝቅ ብሏልና ጠርዙ ላይ ጥቂት ተቀምጦ ቀስ ብሎ ይነሣ።