ከፊርማው በላይ የሚጻፈው ቃል

«የሠራተኞችን መመሪያ ተቀብዬ፣ አንብቤና ተረድቼ ፈርሜያለሁ።» በአሜሪካ ሥራ የጀመረ ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ፈርሟል። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ቢሆንም ሦስት ጉዳዮችን በአንድ ፊርማ ያስራል። ጠብ ሲነሳ ወረቀቱ የሚያስረዳው መመሪያው ለሠራተኛው መሰጠቱን ነው። ምን እንደ ገባው ግን አይናገርም።

ይህ ልዩነት በተለይ በጾታዊ ትንኮሳ ክስ ላይ ይከብዳል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1998 በሰጣቸው ሁለት ውሳኔዎች መሠረት፣ አለቃው ሠራተኛዋን ቢተነኩስም ከሥራ እስካላባረራት ወይም ተመሳሳይ እርምጃ እስካልወሰደባት ድረስ አሠሪው የሚከላከልበት መንገድ አለ። ትንኮሳን ለመከላከልና ለማረም ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጉን፣ ሠራተኛዋም የቀረበላትን የአቤቱታ መንገድ ያለ በቂ ምክንያት አለመጠቀሟን ማስረዳት አለበት። የተፈረመው ወረቀት የሚመዘዘው እዚህ ላይ ነው።

በ2007 ግን አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ሚልዋኪ ውስጥ በበርገር ቤት ትሠራ ስለነበረች የ16 ዓመት ልጅ ሲፈርድ፣ የአቤቱታው መንገድ ለሠራተኞቹ አቅም የሚመጥን መሆን አለበት አለ። እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሠራተኞች በእንግሊዝኛ ብቻ ማስረዳት ተገቢ እንደማይሆንም ጨምሮ ተናገረ። ዋሽንግተን ውስጥ በየፓርኪንጉ ለሚሠሩ ወገኖቻችን ይህ ቃል በቀጥታ ይመለከታቸዋል።

ታዲያ እንዴት ይጻፍ? እንግሊዝኛዋ ደካማ የሆነ የፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ እናስብ። የመጀመሪያው መስመር ስለ መቀበል ብቻ ይናገር፦ «የመመሪያውን 3ኛ እትም በወረቀት ተቀብያለሁ።» እትሙ ካልተጠቀሰ የትኛውን እንደ ተቀበለች ኋላ ማጣራት ይቸግራል። ሁለተኛው፦ «ስለ ትንኮሳ የሚናገረው ክፍል በአማርኛ ተነቦልኛል፤ ጥያቄ ለመጠየቅም ጊዜ ተሰጥቶኛል።» ያነበበላት ሰው ስሙን ጽፎ ይፈርማል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው መስመር ነው፦ «ትንኮሳ ቢደርስብኝ ለ______ መናገር እችላለሁ። የተነኮሰኝ አለቃዬ ከሆነ ደግሞ ለ______ እናገራለሁ።» ክፍት ቦታውን ሠራተኛዋ ራሷ በገባት ቋንቋ ትሙላው። በሁለተኛው ቦታ ላይ የአለቃዋን ስም ከጻፈች መንገዱ አልገባትም ማለት ነው፤ ከመፈረሟ በፊት እንደገና ይነገራት። የታተመ «ተረድቻለሁ» ይህን ስህተት ይሸፍነው ነበር። በእጅ የተሞላው ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ያጋልጠዋል፤ ለእኔ የቅጹ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

አንዳንዱ ሠራተኛ መብቱን አሳልፎ የሚሰጥ መስሎት አልፈርምም ይላል። ስጋቱ ተገቢ ስለሆነ ከፊርማው በላይ «ፊርማዬ መቀበሌን እንጂ በሁሉም መስማማቴን አያሳይም» ተብሎ ይጨመር። ያም ሆኖ እንቢ ካለ አይገደድም፤ መመሪያው ይሰጠውና ቀኑና እንቢታው ተጽፎ፣ በቦታው የነበረ ምስክር ይፈርምበታል።