ዳቦ ቤቱ ብድሩን ከየት ይከፍላል?

ለዳቦ ቤት ብድር የሚጠየቅበት የቢዝነስ ፕላን አብዛኛውን ጊዜ በቅደም ተከተል ነው የሚጻፈው። መጀመሪያ የድርጅቱ መግቢያ ይመጣል፤ ቀጥሎ ገበያው፣ ከዚያ ምርቱና ማሽኑ፣ ከዚያ የሰው ኃይሉ፣ በመጨረሻ የሒሳቡ ሠንጠረዥ። የባንኩ የብድር ባለሙያ ግን ንባቡን ከመጨረሻው ይጀምራል። ወርኃዊው ክፍያ ስንት ነው? ወጪው ተነስቶ የሚተርፈው ገንዘብ ይሸፍነዋል ወይ? ይህን ካየ በኋላ ነው ወደ ፊት እየተመለሰ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» እያለ ሌሎቹን ክፍሎች የሚመረምረው። ስለዚህ እኛም ከሒሳቡ እንጀምር።

በአንድ ከተማ ዳር በቀን 2 ኩንታል የፉርኖ ዱቄት መጋገር ያቀደች ባለ ዳቦ ቤት እናስብ። የምንጠቀምባቸው ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ አመልካች የአካባቢውን ዋጋ መተካት ይኖርበታል። 100 ኪሎ ዱቄት 60 ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል፤ እርሾና ጨው ሲጨመርበት ከ160 ኪሎ በላይ ሊጥ ይወጣዋል። ሊጡ በ110 ግራም ተመዝኖ ቢቆረጥ ከአንድ ኩንታል 1,450 ያህል ዳቦ ይገኛል። ምድጃው ውስጥ እርጥበቱ ሲተን ክብደቱ በአንድ አሥረኛ ግድም ይቀንሳል፤ ለገዢ የሚደርሰው እንግዲህ 100 ግራም የሚጠጋ ዳቦ ነው። ፕላኑ ክብደቱን ሳይናገር «ከአንድ ኩንታል 1,800 ዳቦ» ካለ፣ ወይ ዳቦው አንሷል ወይ ስሌቱ ተሳስቷል። ዳቦ ጋግሮ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ወዲያው ይይዛል። የምርት ክፍሉ መጀመሪያ ሊመልስ የሚገባውም ይህንኑ የግራምና የቁጥር ጥያቄ ነው።

ከ1,450ው 50ው ሳይሸጥ አድሮ ወይም ከሱቅ ተመልሶ ይቀራል እንበል። የቀረው 1,400 ግማሹ በመስኮት በ10 ብር፣ ግማሹ ለሱቆች በ9 ብር ይሸጣል፤ ድምሩ 13,300 ብር ነው። ከዚህ ላይ ለዱቄት 8,500፣ ለእርሾ፣ ለጨውና ለዘይት 600፣ ለመብራትና ለማመላለሻ 700 ብር ይወጣል። በኩንታል 3,500 ብር ይተርፋል ማለት ነው። በወር 26 ቀን ቢሠራ 52 ኩንታል ይጋገራል፤ 182,000 ብር ይሆናል። የቤት ኪራይ፣ የጋጋሪዎችና የሻጮች ደመወዝ፣ ጥገናና የባለቤቷ የራሷ ደመወዝ 110,000 ብር ቢወስድ፣ ከግብር በፊት 72,000 ብር በእጅ ይቀራል።

ለምድጃ፣ ለሊጥ ማቡኪያና ለሌላው ዕቃ 1,800,000 ብር በ4 ዓመት፣ በ16 በመቶ ወለድ ብትጠይቅ ወርኃዊ ክፍያው ወደ 51,000 ብር ይደርሳል። 72,000 ገብቶ 51,000 ይወጣል። ብዙ ፕላኖች እዚህ ላይ ይቆማሉ።

ጥንቁቅ የብድር ባለሙያ ግን የዱቄቱን ዋጋ በ10 በመቶ ከፍ አድርጎ እንደገና ያሰላል። በኩንታል 850 ብር ይጨምራል፤ የዳቦው ዋጋ ደግሞ በማግሥቱ አይጨምርም፤ ጎረቤት ዳቦ ቤት ካልጨመረ ደንበኛ ይሄዳልና። ትርፉ በኩንታል ወደ 2,650 ብር ይወርዳል፤ በ52 ኩንታል 137,800 ብር ነው። 110,000ው ሲነሳ 27,800 ብር ይቀራል፤ ክፍያው 51,000 ነው። አንድ የዋጋ ለውጥ ብቻ ድርጅቱን ባለዕዳ አደረገው። ዳቦ ቤት ከሌላው ንግድ የሚለየው ዱቄቱ የገቢውን አብዛኛውን ክፍል መውሰዱ ነው፤ በዚህ ምሳሌ ከ13,300 ብር ውስጥ 8,500ውን ይዟል። ስለዚህ ይህን ፈተና ባለሙያው እስኪያደርገው ሳይጠብቁ ራሱ ፕላኑ ውስጥ ማስገባት ይሻላል እላለሁ። መልሱንም አብሮ ማሳየት ያስፈልጋል።

መልሱ ምን ሊሆን ይችላል? የመጀመሪያው ምርቱን በቀን ወደ 2.5 ኩንታል ማሳደግ ነው። በተጨመረው የዱቄት ዋጋም ቢሆን በወር 65 ኩንታል 172,250 ብር ያስገኛል። ለማድረስ የሚቀጠር አንድ ሰው 8,000 ብር ቢወስድ፣ ወጪው ሁሉ ተነስቶ 54,250 ብር ይቀራል። ከ51,000 ትንሽ ይበልጣል፤ ጥቂት ቀን መብራት ቢጠፋ ግን ያልቃል። ሁለተኛው ብድሩን ማሳነስ ነው። ያገለገለ ግን የተመረመረ ማቡኪያ ገዝታ ብድሩን ወደ 1,500,000 ብታወርደው ክፍያው 42,500 ብር ግድም ይሆናል። አሁን ዱቄት ተወዶም ቢሆን ትንፋሽ የሚሰጥ ልዩነት ተገኘ።

የገበያው ክፍል ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። የተጨመረው ግማሽ ኩንታል በየቀኑ 725 ዳቦ ነው። ማን ይገዛዋል? «የከተማው ሕዝብ ቁጥር እየጨመረ ነው» የሚል አንቀጽ ለዚህ መልስ አይሆንም። በእግር ዞሮ መቁጠር ያስፈልጋል፤ በአካባቢው ስንት ሱቅ ዳቦ ይሸጣል፣ አሁን ከማን ይረከባል፣ በቀን ስንት ይወስዳል፣ ስንቱን ይመልሳል? እያንዳንዳቸው 50 ዳቦ ለመውሰድ የፈረሙ 15 ሱቆች ዝርዝር ከአሥር ገጽ የገበያ ጥናት በላይ ያሳምናል። የትምህርት ቤት ወይም የሆስፒታል ካፍቴሪያ ውል ከተገኘ ደግሞ አባሪ ሆኖ ይያያዝ።

ሱቆች ግን በሳምንት ነው የሚከፍሉት፤ ዱቄት ሻጩ በእጅ ይፈልጋል። በቀን 2.5 ኩንታል ለሚጋግር ሰው የአሥር ቀን ዱቄት ብቻ ከ212,000 ብር በላይ ነው። የሳምንቱ የሱቆች ዱቤ ወደ 95,000 ብር ይጨምርበታል። ስለዚህ ከ300,000 ብር በላይ ሥራው ውስጥ ታስሮ ይቀመጣል። የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ የሚባለው ይህ ነው፤ ከብድር ጥያቄው ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው። ማሽኑ ተተክሎ ዱቄት መግዣ የታጣባቸው ዳቦ ቤቶች ችግራቸው እዚህ ነበር። ባለቤቷ የራሷን መዋጮ ለዚህ እንደምታውለው፣ ወይም ለብቻው የአጭር ጊዜ ብድር እንደምትጠይቅለት በግልጽ ይጻፍ።

የጊዜ ሰሌዳውም ከኤሌክትሪኩ ጋር ይያያዛል። ትልልቅ የኤሌክትሪክ ምድጃዎች ስሪ ፌዝ መስመር ይፈልጋሉ። ምድጃው ደርሶ መስመሩ ካልገባ ወለዱ እየቆጠረ ዳቦ አይወጣም። መስመሩ መቼ እንደተጠየቀና ምን ደረጃ ላይ እንዳለ ተጽፎ፣ የእፎይታ ጊዜው በዚያ ልክ ቢጠየቅ ባለሙያው ምክንያቱን ይረዳል። የጄኔሬተር ነዳጅም የወጪው ሠንጠረዥ ላይ የራሱ መስመር ይኑረው።

ቀሪዎቹ ክፍሎች አጭር ቢሆኑ ችግር የለውም። በአስተዳደሩ ክፍል ሌሊት ሊጡን ማን እንደሚያቦካ፣ እሱ ቢታመም ማን እንደሚተካው መናገር በቂ ነው። በዋስትናው በኩል ቤት የሌለው አመልካችም መንገድ አለው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ማሽንና ሸቀጥን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። ባንኩ ይቀበለው እንደሆነ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ከአባሪዎቹ መካከል ከማሽኑ ፕሮፎርማ ይልቅ ትኩረት የሚያሻው የኪራይ ውሉ ነው። ብድሩ የ4 ዓመት ሆኖ የቤቱ ውል የ1 ዓመት ከሆነ፣ ምድጃው በሁለተኛው ዓመት የት እንደሚቆም ባንኩ መጠየቁ አይቀርም። አከራዩ ረዘም ያለ ውል እንዲፈርም ማግባባት የሚሻለው ፕላኑ ከመጻፉ በፊት ነው።

ፕላኑ ሲገባ ባለሙያው ቦታው ድረስ ይመጣል። ዳቦ ቤቱ ቀድሞ የሚሠራ ከሆነ የዱቄት ደረሰኙን፣ የመብራት ክፍያውንና የባንክ ሒሳቡን ከተጻፈው የኩንታል ቁጥር ጋር ያስተያያል። በቀን 2 ኩንታል እጋግራለሁ ያለ ሰው በወር የ30 ኩንታል ደረሰኝ ብቻ ካለው ሌላው ገጽ ሁሉ ይጠረጠራል። የመጀመሪያው ገጽ፣ ማለትም ማጠቃለያው፣ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ይጻፍ። የሚጠየቀው ብድር፣ የራስ መዋጮ፣ የቀኑ ኩንታል፣ ወርኃዊው ክፍያና ዱቄት ሲወደድ የሚተርፈው ገንዘብ ከግማሽ ገጽ በላይ አይወስድም።