የጭነት ማስረከቢያ ጊዜን ስለመወሰን

ጭነት የሚደርስበት ጊዜ በርቀት ብቻ አይወሰንም። የመጫኛ ሰዓትና የአሽከርካሪው ሕጋዊ የሥራ ሰዓትም ይታሰባሉ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። አሽከርካሪው በመጫኛ ቦታ በሥራ ላይ የሚያሳልፈው ጊዜም ከዚሁ ይቀነሳል።

ለምሳሌ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ስላለበት አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢያዝ ጉዞው 14 ሰዓት ይፈጃል። መጫኛው 2 ሰዓት ሲታከልበት 16 ሰዓት፣ ማለትም ሁለት ሙሉ የሥራ ቀናት ይሆናል።

ሰኞ ከጠዋቱ 2:00 መጫን የጀመረ ተሽከርካሪ 4:00 ላይ ተነሥቶ፣ የአንድ ሰዓት የምሳ ዕረፍት ጨምሮ፣ በ11:00 ደጀን አካባቢ ደርሶ ያድራል። ማክሰኞ ጠዋት 1:00 ተነሥቶ፣ በተመሳሳይ ዕረፍት፣ በ10:00 ባሕር ዳር ይገባል።

ሆኖም መጫኛው በ2 ሰዓት ቢዘገይ ሰኞ የሚሸፈነው 160 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ማክሰኞ ማታ 80 ኪሎ ሜትር ስለሚቀር ጭነቱ ረቡዕ ከጠዋቱ 3:00 ይደርሳል። ስለዚህ አጓጓዡ ለተረካቢው «ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ» ብሎ ቃል ከገባ፣ የጠፋው ሰዓት የሚካካሰው በፍጥነት ወይም በሌሊት ጉዞ ይሆናል። በውሉ ላይ «ረቡዕ ከጠዋቱ 3:00 እስከ 5:00» ተብሎ ቢሰፍር ግን መዘግየቱ ቢያጋጥምም ሕጉም ቃሉም ይጠበቃሉ።