ሠላሳ ከረጢት አፈር፣ አንድ ተዳፋት

አንድ ተመራማሪ ተዳፋትን ከግጦሽ መከለል የአፈሩን ለምነት ይጨምር እንደሆነ ማወቅ ፈለገ እንበል። በሰሜን ኢትዮጵያ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ የተደረጉ ተዳፋቶች ብዙ ስለሆኑ ጥያቄው የአገሬው ነው። አንድ የተከለለ ተዳፋት ይመርጣል፤ ከብት የሚውልበትን ሌላ ተዳፋት ደግሞ ለማነጻጸሪያ ይይዛል። በእያንዳንዱ ላይ 10 ፕሎት ይለካል፤ ከየፕሎቱም ሦስት ናሙና ይወስዳል። ከዚህ 30፣ ከዚያ 30፣ በድምሩ 60 ከረጢት አፈር ላቦራቶሪ ይገባል። ውጤቱ ሲመጣ ከተከለለው ተዳፋት የተወሰደው አፈር በኪሎ ግራም 3 ግራም የሚበልጥ ኦርጋኒክ ካርቦን አለው። ኮምፒውተሩም እንዲህ ያለ ልዩነት በአጋጣሚ ይመጣል ማለት እንደሚከብድ ያሳያል። ተመራማሪው “መከለል አፈርን ያበለጽጋል” ብሎ ይደመድማል።

ናሙናው በጥንቃቄ ተወስዷል፣ ላቦራቶሪውም አልተሳሳተም። ድምዳሜው ግን አይቆምም፤ ምክንያቱም የተከለለው አንድ ተዳፋት እንጂ 30 ተዳፋት አይደለም። ሁለት ተዳፋቶች አጥር ባይኖርም ይለያያሉ። የአንዱ አለት ሌላ ነው፤ አንዱ ፀሐይ ይበዛበታል፤ አንዱ ከሃያ ዓመት በፊት ታርሶ ነበር። ከአንድ ድስት ሠላሳ ማንኪያ ወጥ የቀመሰ ሰው ያን ወጥ አሳምሮ ያውቀዋል፤ የሠላሳ ቤት ወጥ ቀመሰ ግን አይባልም። የተመራማሪው 60 ከረጢትም እነዚህ ሁለት ተዳፋቶች እንደሚለያዩ በደንብ ይመሰክራል። ልዩነቱን ያመጣው አጥሩ ይሁን አለቱ ሊነግረን ግን አይችልም።

ይህ ስህተት ሐሰተኛ ድግግሞሽ ይባላል። ስሙን ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ስቱዋርት ኸርልበርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ጽሑፍ 176 የሙከራ ጥናቶችን መርምሮ፣ የስታቲስቲክስ ፈተና ከተጠቀሙት መካከል 48 በመቶው ይህን ስህተት እንደሠሩ አሳይቷል።

ስህተቱን ለመለየት የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ድርጊቱ በተናጠል የተፈጸመው በምን ላይ ነው? አጥሩ የታጠረው በተዳፋት ላይ ከሆነ የሚቆጠረው ተዳፋት ነው። ፕሎቱ በተዳፋቱ ውስጥ፣ ናሙናውም በፕሎቱ ውስጥ የተሰገሰገ ስለሆነ ሁለቱም በራሳቸው አይቆጠሩም። የሌላ ሰው ጥናት የሚያነብም ዲግሪስ ኦፍ ፍሪደም የሚባለውን ቁጥር ይፈልግ። ይህ ቁጥር ፈተናው ስንት ራሱን የቻለ መረጃ እንዳለው ይናገራል። ሁለት ተዳፋት ብቻ በተነጻጸሩበት ጥናት 58 ተብሎ ከተጻፈ ከረጢቶቹ እንደ ተዳፋት ተቆጥረዋል ማለት ነው።

ስህተቱ ምን ያህል እንደሚያታልል በቁጥር እንየው። ልዩነትን በቫሪያንስ እንለካና፣ ለምሳሌ ያህል ከተዳፋት ተዳፋት ያለው 9፣ በአንድ ተዳፋት ውስጥ ከፕሎት ፕሎት ያለው 4፣ በአንድ ፕሎት ውስጥ ከናሙና ናሙና ያለው 2 ይሁን። ተመራማሪው በየወገኑ አንድ ተዳፋት፣ 10 ፕሎትና 30 ናሙና ስላለው የአንዱ ወገን አማካይ ቫሪያንስ 9/1 + 4/10 + 2/30፣ ማለትም 9.5 ገደማ ነው። የሁለቱ ወገን ሲደመር 19 ይሆናል፤ ስኩዌር ሩቱ 4.4 ነው። የ3 ግራሙ ብልጫ እንግዲህ ከራሱ የስህተት መጠን ያንሳል። ኮምፒውተሩ ግን ተዳፋት የሚባል ነገር እንዳለ አልተነገረውም። የሚያየው በተዳፋቱ ውስጥ ያለውን ልዩነት ብቻ ስለሆነ ስህተቱን 0.6 ገደማ አድርጎ ያሰላዋል። በእሱ ስሌት 3 ግራም ትልቅ ግኝት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ናሙና መጨመር ይቀናዋል። ከአንዱ ተዳፋት 30 ሳይሆን 300 ከረጢት ቢወጣም ሁለተኛውና ሦስተኛው ቁጥር ያንሳሉ እንጂ 9ኙ በአንድ እንደተካፈለ ይቀራል። የሚቀንሰው የተዳፋቱ ቁጥር ሲጨምር ብቻ ነው።

ስለዚህ አቀማመጡ ይገለበጣል። አንድ ተዳፋት፣ 10 ፕሎት፣ ሦስት ናሙና የነበረው 10 ተዳፋት፣ ሦስት ፕሎት፣ አንድ ናሙና ይሆናል። ተመራማሪው 10 የተለያዩ ቀበሌዎች ይሄዳል። በየቀበሌው አንድ የተከለለና አንድ ያልተከለለ ተዳፋት ይመርጣል፤ ጥንዶቹ በከፍታ፣ በአለት ዓይነትና ፀሐይ በሚመታቸው አቅጣጫ የተቀራረቡ ይሁኑ። በየተዳፋቱ ሦስት ፕሎት በዕጣ ያወጣል፤ ከየፕሎቱ አንድ ከረጢት ይሞላል። ላቦራቶሪ የሚገባው አሁንም 60 ከረጢት ነው። በፕሎቱ ውስጥ ከአምስት ነጥብ የተወሰደ አፈር ደባልቆ አንድ ከረጢት ቢያደርገው ደግሞ የላቦራቶሪ ወጪ ሳይጨምር የናሙናው ልዩነት ይቀንስለታል።

ስሌቱ አሁን 9/10 + 4/30 + 2/30፣ ማለትም 1.1 ነው። የሁለቱ ወገን 2.2፣ ስኩዌር ሩቱም 1.5 ይሆናል። ማጣመሩ ሌላም ጥቅም አለው። ከ9ኙ ውስጥ 6ቱ ከቀበሌው ዝናብና አለት የመጡ ቢሆኑ፣ ጥንዶቹ እነዚህን ስለሚጋሩ አንዱ ከሌላው ሲቀነስ ይጠፋሉ። ለስሌቱ የሚቀረው 3 ብቻ ስለሚሆን ስህተቱ ወደ 1 ግራም ይወርዳል። የ3 ግራም ብልጫ ያኔ በእውነት የሚታመን ይሆናል።

ትንተናውም ይቀላል። የየተዳፋቱን ሦስት ፕሎት በአማካይ ወደ አንድ ቁጥር ማጠፍ፣ በየጥንዱ የተከለለውን ካልተከለለው ማበላለጥ፣ በተገኙት 10 ልዩነቶች ላይ ፈተናውን ማካሄድ ነው። ዲግሪስ ኦፍ ፍሪደሙ 9 ነው። ከ58 ወደ 9 መውረድ ኪሳራ ይመስላል፤ የጠፋው ግን መጀመሪያም ያልነበረ መረጃ ነው። እውነተኛው ኪሳራ በነዳጅና በጊዜ የሚከፈል ነው፤ 10 ቀበሌ መድረስ አንድ ተራራ ላይ ከመዋል ይወደዳል። በጀቱ ካልበቃ መጀመሪያ የሚቀነሰው ፕሎቱ ነው፤ ተዳፋቱ የሚነካው በመጨረሻ ነው።

ተዳፋት ማብዛት ሁሉንም አይፈታም። ተዳፋቶቹን የከለለው ተመራማሪው ሳይሆን ማኅበረሰቡ ነው። የሚከለለው ብዙ ጊዜ በጣም የተራቆተው ወይም ከመንደር የራቀው ከሆነ፣ በ10ሩም ቀበሌ ልዩነቱ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። መድኃኒቱ ከመከለሉ በፊት መድረስ ነው። ሁለት ተቀራራቢ ተዳፋቶች ተመርጠው የትኛው ይከለል የሚለው በዕጣ ይወሰናል፤ አፈሩም አጥሩ ሳይታጠር ይለካል።

ድግግሞሽ ጨርሶ የማይቻልበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ሐይቅ 226 በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱም ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ተጨመረበት፤ ፎስፈረስ የተጨመረው በአንዱ ብቻ ነበር። ፎስፈረስ ያገኘው ወገን በአልጌ አረንጓዴ ሆነ። ሐይቁ አንድ ነበር፤ ሰው ያመነው በናሙና ብዛት ሳይሆን ልዩነቱ ግዙፍ፣ መንስኤውም የታወቀ ስለነበረና የሌሎች ሐይቆች ማስረጃም ስለደገፈው ነው። አንድ የተከለለ ተዳፋት ብቻ ያለው ተመራማሪም ከመከለሉ በፊትና በኋላ መለካት፣ ብዙ ያልተከለሉ ተዳፋቶችንም ለማነጻጸሪያ መያዝ ይችላል። የሚጽፈው ድምዳሜ ግን ስለዚያ ተዳፋት ብቻ መሆን አለበት፤ ስለ መከለል በአጠቃላይ ለመናገር ሌሎች ተዳፋቶች ያስፈልጉታል።