ነፃ ሀብት እያለ «ቆይ» ማለት፦ የባንከሩ አልጎሪዝም የደህንነት ፍተሻ

አንድ ፕሮግራም ቴፑን ይዞ ፕሪንተሩን ይጠብቃል፤ ሌላው ፕሪንተሩን ይዞ ቴፑን ይጠብቃል። የያዘውን የሚለቅ ስለሌለ ሁለቱም ባሉበት ቆመው ይቀራሉ። ይህ ዴድሎክ ይባላል፤ ሆላንዳዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ኤድስገር ዳይክስትራ ደግሞ «ገዳይ እቅፍ» ብሎታል።

መፍትሔዎቹ በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው ችግሩ ጭራሽ እንዳይፈጠር ሕግ ማውጣት ነው፤ ለምሳሌ ሁሉም ሀብቶቹን በአንድ ቅደም ተከተል ብቻ እንዲጠይቅ ማስገደድ። ሁለተኛው ከተቆላለፉ በኋላ ደርሶ አንዱን ማቋረጥ ነው። ሦስተኛው እያንዳንዱ ጥያቄ ሲመጣ አርቆ ማየትና መስጠት ወይም ማቆየት ነው። ዳይክስትራ በ1960ዎቹ አጋማሽ ያቀረበው የባንከሩ አልጎሪዝም ከዚህ ከሦስተኛው ይመደባል። የእሱ ባንከር የሚያበድረው አንድ ዓይነት ገንዘብ ብቻ ነበር፤ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሐበርማን በ1969 ባወጣው ጽሑፍ ስሌቱን ለብዙ ዓይነት ሀብት አስፍቶታል።

ባንከሩ ውስን ካፒታል አለው። እያንዳንዱ ደንበኛ ቢበዛ ምን ያህል እንደሚፈልግ አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ሙሉውን ካገኘ ሥራውን ጨርሶ የተበደረውን ሁሉ ይመልሳል። ባንከሩ ታዲያ ብድር ከመስጠቱ በፊት ራሱን የሚጠይቀው፣ «ሁሉም ዛሬውኑ እስከ መጨረሻው ጣሪያቸው ቢጠይቁኝ፣ አንድ በአንድ የማስጨርስበት ተራ አለኝ?» ብሎ ነው። ተራው ካለ ሁኔታው አስተማማኝ ነው፤ ከሌለ አስጊ ነው።

በትንሽ ሠንጠረዥ እንየው። ማሽኑ 10 የሚሞሪ ብሎክና 6 ቴፕ አለው። በእያንዳንዱ ሳጥን የመጀመሪያው ቁጥር ሚሞሪ፣ ሁለተኛው ቴፕ ነው።

| ፕሮግራም | የያዘው | ጣሪያው | የቀረው ፍላጎት |
|---|---|---|---|
| ፕ1 | 2፣ 1 | 5፣ 3 | 3፣ 2 |
| ፕ2 | 3፣ 1 | 4፣ 4 | 1፣ 3 |
| ፕ3 | 2፣ 2 | 8፣ 3 | 6፣ 1 |

የተያዘው ሲደመር 7 ብሎክና 4 ቴፕ ስለሆነ ነፃ ያለው 3 ብሎክና 2 ቴፕ ነው። ፕ2 ሦስት ቴፕ ስለሚቀረው አይበቃውም፤ ፕ3 ስድስት ብሎክ ስለሚቀረው አይበቃውም። ፕ1 ግን የቀረው ልክ 3 እና 2 ነው፤ ይጨርሳል። ሲጨርስ ይዞት የነበረው 2 እና 1 ወደ ካዝናው ይመለስና ነፃው 5 እና 3 ይሆናል። አሁን ፕ2 ይበቃዋል፤ ሲጨርስ ነፃው 8 እና 4 ይደርሳል። በመጨረሻ ፕ3 ይጨርሳል፤ ነፃው 10 እና 6 ይሆናል። ይህ ከማሽኑ ጠቅላላ ሀብት ጋር ካልገጠመ አንድ ቦታ ተሳስተናል ማለት ነው። የተለመደው ስህተት በያዘው ፈንታ ጣሪያውን መደመር ነው።

በመንገድ ላይ ሁለት ፕሮግራሞች ቢበቃቸው የትኛውን እንምረጥ? የፈለግነውን። የጨረሰ ፕሮግራም ይመልሳል እንጂ አይወስድም፤ ነፃው ሀብት እየጨመረ ብቻ ስለሚሄድ የተሳሳተ ምርጫ የለም፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ ተራ መሞከርም አያስፈልግም።

አሁን ፕ3 አንድ ብሎክ ብቻ ጠየቀ እንበል። ነፃ ሦስት አለ፤ ከጣሪያውም አላለፈም። ባንከሩ ግን መጀመሪያ እንደሰጠ አድርጎ ያስባል፦ ነፃው 2 እና 2 ይሆናል፣ የፕ3 ቀሪ ፍላጎት 5 እና 1። ፕ1 ሦስት ብሎክ ይቀረዋል፣ አይበቃውም። ፕ2 ሦስት ቴፕ፣ አይበቃውም። ፕ3 አምስት ብሎክ፣ አይበቃውም። መጀመሪያ የሚጨርስ ማንም ስለሌለ ፕ3 ይቆያል። ያንኑ አንድ ብሎክ ፕ1 ቢጠይቅ ግን ቀሪው 2 እና 2 ሆኖ ከነፃው ጋር ስለሚገጥም ወዲያው ይሰጠዋል። ስለዚህ መልሱን የሚወስነው ካዝናው ውስጥ ያለው መጠን ብቻ ሳይሆን ለማን እንደሚሰጥም ነው።

አስጊ ማለት ግን ተቆላልፏል ማለት አይደለም። ፕ1 ጣሪያውን ሳይነካ ሊጨርስ ይችል ነበር። ባንከሩ ክፉውን ብቻ ስለሚያስብ አንዳንዴ ያለ ምክንያት ያስጠብቃል።

ደካማ ጎኑም እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ጣሪያውን ሲጀምር እንዲያውቅ ይጠይቃል፤ በዛሬ ኮምፒውተር ደግሞ ፕሮግራሞች በየጊዜው ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ ምን ያህል እንደሚፈልጉም አያውቁም። ፍተሻው ራሱ በእያንዳንዱ ጥያቄ ይደገማል፤ የፕሮግራሞቹ ቁጥር በእጥፍ ሲያድግ ሥራው በከፋ ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ዳታቤዞች ሁለተኛውን መንገድ መርጠዋል፦ PostgreSQL አንድ ጠያቂ ቁልፍ ሲጠብቅ አንድ ሰከንድ ካለፈ (`deadlock_timeout`) መቆላለፍ መኖሩን ይመረምራል፣ ካለም አንዱን ትራንዛክሽን ይሰርዛል። የባንከሩ ስሌት የሚያዋጣው ሥራዎቹ ጥቂት፣ ጣሪያቸው የታወቀ፣ አንዱን ማቋረጥም ውድ በሆነበት ቦታ ነው።